ስኳት ስሠራ ጉልበቴን ያመኛል፦ ክብደት ልቀንስ፣ አሠራሬን ላስተካክል ወይስ ስኳቱን ልተው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት የሰፈር ጂሞች በብዛት የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው፦ ስኳት ላይ ከፊት በኩል ጉልበትን ማመም። ወገብና ዳሌ ላይ የሚመጣው ሕመም ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሠልጣኞች ባሩን መልሰው ከሰቀሉ በኋላ ጉልበታቸውን እያሹ የሚጠይቁኝ ናቸው።

ጉልበቴን ያመኛል ስል ቦታው ለውጥ አለው?

አዎ፣ ብዙ ለውጥ አለው። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጉ። ቁጭ በሉና የሚያማችሁን ቦታ በእጃችሁ አሳዩ። በአንድ ጣት ጫፍ ብቻ ከጉልበት ሎሚ፣ ማለትም ከፊት ካለችው ክብ አጥንት፣ ሥር ያለውን ነጥብ የሚያሳይ ሰው አለ። እሱ ብዙ ጊዜ የሚያመው ሎሚውን ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። መዳፉን ሙሉ ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እዚህ ዙሪያውን፣ ከውስጥ» የሚልም አለ። የሱ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ሎሚውና የጭን አጥንቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ጠባያቸውም ይለያያል። የጅማቱ ሕመም ስትጀምሩ ይቆነጥጣል፣ ሲሟሟቅ ለቀቅ ያደርጋል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሒሳቡን ይጠይቃል። መዝለልና መሮጥ ያባብሰዋል። የሎሚው ሕመም ግን ደረጃ ስትወርዱ ይመጣል፤ ጉልበት አጥፎ ረጅም ሰዓት መቀመጥንም አይወድም። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ሄዶ ሲወርድ «ጉልበቴ ደረቀ» የሚል ሰው ካያችሁ እሱ ነው።

የሁለቱም መነሻ ተመሳሳይ ነው፤ ጉልበቱ ከለመደው በላይ መሸከሙ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አካሄድ ለሁለቱም ይሠራል። ልዩነቱ የሚመጣው በምን ያህል ጊዜ ይሻላል የሚለው ላይ ነው።

ጂሙን ትቼ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ጉልበቱ «ቋ» ብሎ ወዲያው ወይም በሰዓታት ውስጥ ካበጠ። ተቆልፎ ሙሉ በሙሉ አልዘረጋም ወይም አልታጠፍም ካለ። ስትራመዱ ድንገት እየከዳችሁ ከሆነ። ከቀላና ከጋለ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው። ባታችሁ አብጦ የሚያማችሁ ከሆነ። ቁጭ ብላችሁም፣ ተኝታችሁም የማይለቅ ሕመም ከሆነ። እነዚህ ውስጥ አንዱ ካለ የዚህን ገጽ ቀሪውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ትኩሳትና የጋለ ጉልበት አብረው ከመጡ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዛኑ ቀን ሂዱ።

ሳይታመም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። የብዙ ሰው ጉልበት ይጮሃል።

ትንሽ ቢያመኝም መሥራት እችላለሁ? ምን ያህሉ ነው «ትንሽ»?

ለሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡት። ዜሮ ምንም የለም፣ አሥር ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። እስከ 3 ድረስ ካለ መሥራት ይቻላል። 4 እና 5 ላይ ሲደርስ አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ያንን እንቅስቃሴ ለዛሬ አቁሙት።

ይሄ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ስትሠሩ ሰውነት ስለሚሞቅ ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። እውነቱን የሚናገረው የማግስቱ ጠዋት ነው። እዚህ አካባቢ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ መመርመሪያው በራችሁ ላይ አለ። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ስትገቡና ስትወጡ ከመርገም ውጪ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወርዱ ጉልበታችሁ ስንት ይላል? ስኳት ከመሥራታችሁ በፊት ከነበረው ጠዋት ጋር እኩል ከሆነ የትናንቱ ሥራ ልኩ ነበር። ከባሰና በ24 ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ካልተመለሰ በዝቷል። በዛ ማለት ተጎዳችሁ ማለት አይደለም። የሚቀጥለውን ቀን ቀነስ አድርጉ ማለት ነው።

ከሦስቱ መጀመሪያ የቱን ልቀይር? ክብደቱን፣ አሠራሩን ወይስ እንቅስቃሴውን?

ይሄን በግምት መመለስ አያስፈልግም። አንድ የጂም ቀን መድባችሁ ጉልበቱን ራሱን ጠይቁት።

በደንብ ከተሟሟቃችሁ በኋላ በባዶ ባር ስምንት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሥሩና የሕመሙን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ጥልቀቱንና የእግር አቋቋሙን ሳትቀይሩ ክብደት ደረጃ በደረጃ ጨምሩ፣ በየደረጃው አምስት ጊዜ ብቻ እየሠራችሁ። 4 ሲደርስ አቁሙ።

በባዶ ባር ምንም ሳይል ክብደቱ ሲጨምር ሕመሙ አብሮ የሚያድግ ከሆነ ጥያቄው የክብደት ነው። አሠራራችሁን አትነካኩት። ክብደቱን 3 ወይም ከዚያ በታች ወደሚሆንበት አውርዱ፣ እዚያ ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከማያቸው ሰዎች የሚበዙት እዚህ ውስጥ ናቸው። ግን ክብደት መቀነስ ክብርን ስለሚነካ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የአሠራር ስህተት ነው።

በባዶ ባርም ሁልጊዜ እዚያው ጥልቀት ላይ ስትደርሱ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን የአሠራር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ከኋላችሁ ከሚያማችሁ ነጥብ ትንሽ ከፍ የሚል አግዳሚ ወንበር አድርጉና እስከዚያ ብቻ ውረዱ። አልሆነም? በሚቀጥለው ሙከራ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ውረዱ። ወይም እንደ ድንጋይ ከመውረድ ይልቅ ሦስት ሰከንድ ወስዳችሁ ውረዱ። ከነዚህ አንዱ ቁጥሩን በሁለት ካወረደው አገኛችሁት፤ ያንን ያዙ። ሦስቱን ባንዴ ከቀየራችሁ ግን የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ባዶ ባሩም አልሆነ፣ ወንበሩም አልሆነ፣ ምን ብታደርጉ ከ4 በታች አልወርድ ካለ ለጊዜው እንቅስቃሴውን ቀይሩ። ለጊዜው የሚለውን ያዙልኝ።

አንድ ምሳሌ ይሰጠን? እንዴት ነው በተግባር?

አንድ የ27 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ይኖራል፣ ሥራው የቢሮ ነው። ድሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በ80 ኪሎ፣ አምስት ዙር በአምስት ድግግሞሽ ሠርቶ ምንም አይለውም ነበር። ከዚያ ቤቱ አጠገብ አዲስ ጂም ተከፈተና ወደዚያ ዞረ። ቅርብ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን አደረገው። በአንድ ወር ውስጥ 95 ኪሎ ደረሰ። እሑድ ጠዋት ኳስም ጀመረ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደረጃ ሲወርድ ሎሚው ዙሪያ ያመው ጀመር።

«አሠራሬ ተበላሽቷል» ብሎ ነው የመጣው። ቪዲዮ ሲታይ ግን አሠራሩ ያው የድሮው ነው። ከታች ትንሽ ፈጠን ብሎ ነጥሮ ይነሳል፤ እሱንም ድሮ ያደርገዋል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር። አዲሱ ጂም ያለው ባር እዚሁ የተበየደ ነው። ወፍራም፣ ረጅም፣ ምንም ያልተጻፈበት። የሰውነት ሚዛን አመጣንና ባሩን ታቅፎ ቆመ፣ ከዚያ የራሱን ኪሎ ቀነስን። 20 ኪሎ ነው ያለው ባር 25 ኪሎ ወጣ። «20» የተባሉት ሁለቱ ፕሌቶች እያንዳንዳቸው 22 ናቸው። የ15 እና የሁለት ከግማሾቹ ልክ ናቸው። ደምሩት፦ 25፣ 44፣ 30 እና 5፤ በጠቅላላው 104 ኪሎ። ልጁ 95 እየሠራሁ ነው ሲል 104 ላይ ነበር።

አሁን የሳምንቱን ሥራ አስሉ። ድሮ 50 ድግግሞሽ በ80፣ ማለት 4,000 ኪሎ። አሁን 75 ድግግሞሽ በ104፣ ማለት 7,800። በአንድ ወር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ኳሱ ደግሞ ሳይቆጠር። እንዲህ ያለ ጉልበት ባያም ነው የሚገርመው።

ከላይ ያለውን ሙከራ ሠራ። በባዶ ባር ዜሮ፣ በ60 ኪሎ 2፣ በ80 ኪሎ 3፣ በ90 ኪሎ 5። የክብደት ጥያቄ መሆኑ ግልጽ ነው። በ80 ላይ ሦስት ሰከንድ ወስዶ ሲወርድ 2 ስለሆነ ያቺንም ያዝናት።

ዕቅዱ ይሄ ነበር፦ በእውነተኛው ሚዛን 70 ኪሎ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ዙር በስድስት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። ኳሱ ለሦስት ሳምንት ይቁም። ጠዋት ደረጃው ደህና ከሆነ ብቻ በሳምንት ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ይጨምራል። ካልሆነ ባለበት ይደግማል።

አራተኛው ሳምንት ላይ 80 ደረሰ። ከዚያ ጎረቤቱ ቤት ሲገባ ሶፋ ተሸክሞ አራት ፎቅ አወጣ፤ በማግስቱ ደረጃው ላይ 5 አለው። ተደናግጦ «ሙሉ በሙሉ ልተወው?» አለ። አልተወም። አንድ ደረጃ ወርዶ በ75 ሁለት ቀን ሠራና ተረጋጋ። 95 እውነተኛ ኪሎ ላይ የደረሰው ወደ አሥራ አንደኛው ሳምንት ገደማ ነው። የሳምንቱን ሦስተኛ ቀን የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክብደትና ቀን በአንድ ሳምንት አብሮ አይጨመርም።

ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም ይባላል። እሱ አይደል የሚያሳምመኝ?

ይሄ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጉልበት ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ እሱ ልክ ነው። ግን ጉልበቱን ከጣት እንዳያልፍ ብታግዱት ሸክሙ አይጠፋም፤ ሰውነት ወደ ፊት ይደፋና ወደ ዳሌና ወገብ ይዞራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከሠሪዎቹ ፊት ጣውላ አቁሞ ጉልበታቸው እንዳያልፍ አደረገ። ጉልበት ላይ ያለው ጫና ሩብ በማይሞላ ሲቀንስ፣ ዳሌ ላይ ያለው ወደ አሥር እጥፍ አደገ።

ስለዚህ ጉልበቱ ለታመመ ሰው መቀመጫን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ ዘዴ ነው። ባሩን ትከሻ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሸከምም እንዲሁ። ለጤነኛ ጉልበት ግን ሕግ አይደለም። ጭናቸው ረጅም የሆነ ሰዎች ደግሞ ጉልበታቸው ካላለፈ ሚዛናቸውን ስተው ወደ ኋላ ይወድቃሉ።

ሲነሱ ጉልበት ወደ ውስጥ የሚገባውስ ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ መግባት የብዙ ጠንካራ ሠሪ ጠባይ ነው። በጣም ከገባና ያኔውኑ ካመመ ክብደቱን አውርዱ፣ ጉልበቱን ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ምሩት፣ ቁጥሩ መቀነሱን እዩ። ካልቀነሰ ለእሱ ብላችሁ አትጨነቁ።

ተረከዝ ሥር ፕሌት ማድረግ ይረዳል?

ለወገብ ሊረዳ ይችላል፣ ለጉልበት ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ተረከዝ ከፍ ሲል ሰውነት ቀጥ ይላል፣ ጉልበት ግን ወደ ፊት ይገፋል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ጓደኛው ስላደረገ ብቻ ሁለት የአምስት ኪሎ ፕሌት ላይ ሲቆም ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል።

የሚያስፈልጋችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ደረቅ ከሆነ ነው። ለማወቅ ግድግዳ ፊት ተንበርከኩና የአንዱን እግር ጣት ከግድግዳው አሥር ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ተረከዙን ሳታነሱ ጉልበቱን ግድግዳው ላይ ለማድረስ ሞክሩ። ከደረሰ ቁርጭምጭሚታችሁ ደህና ነው፣ ፕሌቱን ለሚሠራበት ሰው ተዉለት። ስፖንጅ የሆነ የሩጫ ጫማም አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ሶል ያለው ጫማ ይሻላል።

ስኳቱን ለጊዜው ብተወው በምን ልተካው?

ጉልበቱ በትንሹ የሚሠራበት፣ እግሩ ግን የማይረሳበት ነገር ይሁን። ጉልበትን ጥቂት ብቻ አጥፎ ከዳሌ ታጥፎ ባር ማውረድና ማንሳት፣ ማለትም የሩማንያ ዴድሊፍት፣ የኋላ ጭንንና መቀመጫን በደንብ ያሠራል፤ ጉልበቱንም ብዙ አያስቸግርም። ሌግ ፕሬስ ካለ ጥልቀቱን መገደብ ይቻላል። ከሌለ ደግሞ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መነሳት ይሠራል።

በአንድ ጣት የሚያሳዩት የጅማት ሰዎች ሌላ አማራጭ አላቸው። ሌግ ኤክስቴንሽን ማሽን ላይ ጉልበትን 60 ዲግሪ ገደማ አጥፎ ከበድ ያለ ክብደት ሳያንቀሳቅሱ ይዞ 45 ሰከንድ መቆየት፣ አምስት ጊዜ፣ በየመሐሉ ሁለት ደቂቃ አርፎ። አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ለሰዓታት ያቀለዋል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይልም። ሞክራችሁ እዩት።

የምትተኩት ነገር ግን የፊት ጭንን ሙሉ በሙሉ የሚያሳርፍ አይሁን። ለወራት ያረፈ ጭን ሲመለስ የድሮውን ክብደት የሚሸከመው ያው ጉልበት ነው። በየሁለት ሳምንቱ የባዶ ባሩን ሙከራ ድገሙት። 3 እና ከዚያ በታች ሲሆን ወደ ስኳት ተመለሱ።

ዲክሎፌናክ ወስጄ ብሠራስ? ወጌሻ ቢያሸኝስ?

መድኃኒት ወስዶ መሥራት መመርመሪያውን ማጥፋት ነው። ቁጥሩ 2 ይላል፣ እውነቱ 6 ሊሆን ይችላል፣ የምታውቁት ማታ ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ጭንን ለስላሳ መታሸት ለጊዜው ሊያቀል ይችላል፤ ክፋት የለውም። ያበጠ ጉልበት ግን አይጎተት፣ አይጠምዘዝ። ሎሚውንም «ቦታዋ ልመልሳት» የሚል ካለ አመስግናችሁ ውጡ፤ በዚህ ዓይነቱ ሕመም ከቦታዋ የወጣች ነገር የለችም።

የጉልበት ማሰሪያ ያሞቃል፣ የመተማመን ስሜት ይሰጣል። ከወደዳችሁት ልበሱት። ሕመሙ የሚለቃችሁ እሱን ስትለብሱ ብቻ ከሆነ ግን ክብደቱ ገና ብዙ ነው።

ኤምአርአይ ልነሳ?

ከላይ ከዘረዘርኳቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱ ከሌለ መጀመሪያ የሚያስፈልግ አይደለም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ምንም የማያማቸው ሰዎች ጉልበትም ሲነሳ ብዙ ነገር ያሳያል። ወረቀቱ ላይ «የመገጣጠሚያ ሽፋን መሳሳት» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ስኳት እየፈራ ነው የሚሠራው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሎሚው ዙሪያ ከሆነና ቶሎ ከቀነሳችሁ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደረጃው ሲቀል ይታወቃችኋል። ጅማቱ ከሆነ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሦስት ወር ማሰብ ይሻላል፣ ለወራት ሲያማችሁ ከቆየ ከዚያም በላይ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ክብደቱን በልኩ ይዛችሁ፣ ደረጃውን እያያችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂዱ። ስትሄዱ የያዛችሁትን ደብተር ውሰዱ። በየቀኑ የሠራችሁት ኪሎ፣ ድግግሞሹና የጠዋቱ ቁጥር ጎን ለጎን ከተጻፈ፣ ባለሙያው ግማሹን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። የባሩንም እውነተኛ ኪሎ ጻፉበት።